ሶፋውን ከመስኮቱ ሥር ሳወጣው

ሳሎኔ ቀን ላይም መብራት ይፈልግ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ፎቶ ሳነሳው ምክንያቱ ፍንትው አለ፤ የሶፋው መደገፊያ የመስኮቱን ሲሶ ሸፍኖታል። ከጠረጴዛው ጥግ እስከ ቁም ሳጥኑ ያለው መተላለፊያም 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለካ ጉልበቴን ሁሌ የምመታው እዚያ ነው!

ፎቶው ላይ በጣቴ እየሳልኩ ሶፋውን ወደ ጎን ግድግዳ አዞርኩት። የሚገባ ይመስል ነበር። በሜትር ስለካው ግን ከቦታው በ12 ሳንቲ ሜትር አለፈ። የስልክ ሰፊ ሌንስ ክፍሉን ከልኩ በላይ ሰፊ ያስመስለዋል፤ ፎቶ ችግሩን ያሳያል እንጂ ልኬት አይሆንም። ስለዚህ የሶፋውን የጎን ጠረጴዛ አስወጣሁ።

አሁን ብርሃኑ ከጎን ስለሚገባ ቴሌቪዥኑ አያንጸባርቅም። መተላለፊያውም 80 ሆኗል። መደርደሪያው ብቻ ቦታ አላገኘም፣ መኝታ ቤት ገብቷል።