እርድና ዝንጅብል ተቀላቅለውብኝ እንዴት እንደለየኋቸው

ሥራሥር መሸጥ በጀመርኩ ሰሞን ደረቅ እርድና ደረቅ ዝንጅብል አንድ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ልለያቸው ስቀመጥ ቢጫ የሆነውን ሁሉ ለእርድ አደረግኩት። እትዬ አንዱን አንስተው «ይሄ እኮ ዝንጅብል ነው» አሉኝ። ለካ የእርዱ ብናኝ አቅልሞታል።

«ልጄ፣ ላዩን አትመን። ስበረው።»

ሰበርኩት። የዝንጅብሉ ክሮች እንደ ፀጉር ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ውስጡም ፈዛዛ ነው። እርዱ ግን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከመድረቁ በፊት ስለሚቀቀል ውስጡ እንደ ቀንድ ጠጣር ነው፤ ቀለሙም ወደ ብርቱካናማ ያደላል።

አንዳንዱ አርጅቶ ደብዝዟል፣ ሰብሬውም አልለይ አለኝ። ያኔ የተሰበረውን ፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሸሁና በሳሙና ነካ አደረግኩት። የእርድ ቢጫ ወዲያው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ቅርፊቱን ማሸት ግን ዋጋ የለውም፤ ዝንጅብሉ ላይ ያለው የእርድ ብናኝም ያው ቀይ ይሆናል።

«ብቀምሰውስ?» አልኳቸው።

ቆጣ አሉ። «ምን እንደሆነ የማታውቀውን ሥር ምላስህ ላይ እንዳታደርግ!»

ማታ ላይ ጨረስኩ። ለእርድ ካስቀመጥኩት ክምር ዘጠኝ ዝንጅብል ወጣ። አሁን ለየብቻ፣ በተከደነ ጣሳ ነው የማስቀምጣቸው።