ፓራብሬዛ ላይ የሚታየውን ፍጥነት ማስተካከል፤ መነጽር ሲደረግስ ለምን ይጠፋል?

አያት፣ ለቡና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሚዞሩት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ ሄድ አፕ ዲስፕሌይ አላቸው። ፍጥነቱንና የመንገድ ጥቆማውን ከፓራብሬዛው ባሻገር፣ ከኮፈኑ በላይ ተንሳፎ ያሳያል። ዓይን ወደ ዳሽቦርድ ሳይወርድ ማንበብ ይቻላል። ካልተስተካከለ ግን ያናድዳል።

መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ። ከዚያ ወንበሩን ሁልጊዜ በሚነዱበት ልክ ያድርጉ። ይህን ቅደም ተከተል አይገልብጡት፤ ከፍታውን አስተካክለው ወንበር ከነካኩ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

ከፍታው ላይ ትንሽ እንቆይ። ዳሽቦርዱ ውስጥ መስታወት አለ። ከፍታውን ሲቀይሩ የሚዞረው እሱ ነው። ብርሃኑ ፓራብሬዛው ላይ ነጥሮ ወደ ዓይንዎ ይመጣል፤ ግን የሚደርሰው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዓይንዎ ከዚያ ቦታ ከወጣ የቁጥሩ ላይኛው ወይም ታችኛው ጫፍ ይቆረጣል፣ አለዚያም ምስሉ ጭራሽ አይታይም። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው "የቱ ጋ ነው? እኔ አይታየኝም" የሚለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አራቱም ጠርዝ ሙሉ እስኪሆን ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ከኮፈኑ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፊት ያለው መኪና ከሚታይበት ግን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ። መሀል ላይ ከሰቀሉት የሚያቋርጥ እግረኛን ወይም ባጃጅን ይሸፍናል። ባልና ሚስት አንድ መኪና የሚነዱ ከሆነ፣ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። መኪናው የወንበር ማስታወሻ ካለው ከፍታውንም አብሮ ይይዝ እንደሆነ ይሞክሩ።

ሜኑው በቻይንኛ ከሆነ አይደንግጡ። 抬头显示 ወይም HUD የሚለውን ይክፈቱ። ውስጡ 高度 ከፍታ፣ 亮度 ብርሃን፣ 显示内容 ደግሞ የሚታየው መረጃ ነው። የስልክ ካሜራ ትርጉም የቀረውን ይጨርሳል።

ቁጥሩ ድርብ ሆኖ ከታየ ግን ሜኑ ውስጥ አይድከሙ። ፓራብሬዛው ተቀይሮ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁ። ለዚህ የሚሠራው ፓራብሬዛ በሁለቱ መስታወቶች መሀል ያለው ፕላስቲክ ከላይ ወፍሮ ወደ ታች የሚሳሳ ነው። ተራው መስታወት ምስሉን ከፊትም ከኋላም ገጹ ስለሚመልሰው ሁለት ያደርገዋል።

ብርሃኑን አውቶማቲክ ላይ ይተዉት፤ ቀን ላይ በደንብ እስኪነበብ ብቻ ይጨምሩ። ማታ እንደገና ይዩት። ከሰንዳፋ ሲመለሱ መብራት የሌለው መንገድ ላይ የደመቀ ቁጥር ዓይን ያጭበረብራል። ቀን ላይ የሚደበዝዝ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ የሚወጣበትን ሽፋን ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ከአቧራው ያጽዱት። የዳሽቦርድ ምንጣፍ የሚወዱ ሰዎች ይህን ቀዳዳ ሸፍነው "ተበላሸ" ይላሉ።

የሚታየውን መረጃ በተመለከተ እኔ ፍጥነት፣ የመንገድ ጥቆማና ማስጠንቀቂያ ይበቃል ባይ ነኝ። የዘፈን ስም እዚያ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ መነጽሩ። አንድ የአያት ሰው "ቀን ይጠፋል፣ ማታ ይመለሳል" ብሎ ጋራዥ ሄደ። ዕቃው ይቀየር ተባለ። ዕቃው ግን ደህና ነበር፤ ቀን የሚያደርገው መነጽር ፖላራይዝድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን እንደ ማዕበል እየተርገበገበ ይጓዛል፤ የሚርገበገበው ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። እንደ ፓራብሬዛ በተጋደመ መስታወት ላይ ሲነጥር ግን ወደ ጎን የሚርገበገበው ነው በብዛት የሚመለሰው፤ ሌላው አልፎ ይሄዳል። ከእርጥብ አስፋልት የሚነጥረው ነጸብራቅም እንዲሁ ወደ ጎን ነው። ፖላራይዝድ መነጽር የተሠራው ያንን ነጸብራቅ ለመከልከል ነው። የአስፋልቱን ከዲስፕሌዩ አይለይም፤ ሁለቱንም ይዘጋል። ብርሃኑን እስከ ጫፍ ቢጨምሩም ብዙ ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ፣ መነጽሩን እንዳደረጉ ጭንቅላትዎን ወደ ትከሻዎ ያዘንብሉ። ቁጥሩ ብቅ ካለ ጥፋተኛው መነጽሩ ነው። መነጽሩን አውልቀው በአንዱ ሌንስ እያዩ ሩብ ዙር ቢያዞሩት የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ጭንቅላት አዘንብሎ መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም።

መፍትሔው ፖላራይዝድ ያልሆነ ጥቁር መነጽር ነው። ከፀሐይ ጨረር መከላከል ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አይቀርብዎትም፤ ዩቪ 400 የሚለውን ይፈልጉ። መንገድ ላይ የሚሸጥ መነጽር የተለጠፈበት ጽሑፍ አያሳምንም። መኪናው ውስጥ ሆነው ዲስፕሌዩን እያዩ ያዙሩት፤ ቁጥሩ ካልጠፋ፣ ፖላራይዝድ አይደለም ማለት ነው። የዓይን መነጽር ባለ ቀለም የሚያሠሩ ከሆነ ግን ሌንሱ ከተቆረጠ በኋላ መመለስ ስለማይቻል ሲያዙ አስቀድመው ይናገሩ።