ለባሕር ዳር ሙቀት ጨርቅ እንዴት ይመረጣል?

ግንቦት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው አየር ይከብዳል። ነፋስ ከሌለ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ልብስ ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል። ባለሱቅ «ንጹህ ጥጥ ነው» ብሎኝ ለቀሚስ አራት ሜትር ገዛሁ። ጥጥነቱ እውነት ነበር፤ ግን ወፍራም ነው፣ ድርና ማጉም ጥቅጥቅ ያለ። ለብሼው በጀልባ ወደ ዘጌ ስሄድ ጠዋት የጠጣውን ላብ እስከ ከሰዓት ይዞት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልገዛም።

መጀመሪያ ከየጨርቁ መሐረብ የሚያህል ቁራጭ ለምኑ። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡትና አድርቁት። ይህችን አትዝለሉ። አዲስ አቡጀዲ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ፣ ኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ቀረ። «ላብ አይጠጣም» ብዬ መለስኩት። ለካ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ማጠንከሪያ ነው ውሃውን የከለከለው። ሲታጠብ ይለቃል።

አሁን በየቁራጩ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ስስ ጥጥ ወዲያው ይጠጣዋል። ተራ ፖሊስተር ላይ ግን ጠብታው ቁጭ ይላል፤ ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣምና።

የስፖርት ማልያ ፖሊስተር ሆኖ እንዴት ይመቻል? ክሩ ባይጠጣም፣ በክሮቹ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ላቡን እየሳበ ወደ ውጭ ይበትነዋል። ይህን ለማየት ሁለት ጣት የሚሰፋ ረጅም ቁራጭ አንጠልጥሉና ጫፉን ብቻ ሻይ ውስጥ ንከሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሻይው የት እንደደረሰ እዩ። ከፍ ብሎ የወጣበት ላብ በደንብ ይስባል። ግን የተበተነው ላብ የሚደርቀው አየሩ ሲቀበለው ነው። ማልያ ለሚሮጥና ነፋስ ለሚያገኝ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ባለበት ዝግ ክፍል ለሚቀመጥ ያን ያህል አይረዳም።

ስለዚህ እኔ የማምነው የመጨረሻውን ፈተና ነው። እኩል በሆኑ ቁራጮች ላይ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ አፍስሱና ጥላ ውስጥ ስቀሏቸው። በየሩብ ሰዓቱ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩ፤ ጉንጭ ከጣት ይልቅ እርጥበት ይለያል። እኔ ስሞክር ስሱ ጥጥ ደርቆ የቀሚሴ ትራፊ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ ልዩነቱ ውፍረቱና አሸማመኑ ነው።

አየር ማሳለፉን ለማወቅ ደረቁን ጨርቅ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ። ትንፋሹ ማዶ ያለው መዳፋችሁ ላይ ካልደረሰ ይቅርባችሁ። የእጅ ሥራ ሸማ ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ስለ ገበሩ ተናገሩ። ዝም ካላችሁ የፖሊስተር ገበር ሊያደርግበት ይችላል፤ ያኔ ገላችሁን የሚነካው ፖሊስተሩ ነው። ጨርቁ ስስ ሆኖ ገላ የሚያሳይ ከሆነ ገበሩም ከስስ ጥጥ ይሁን።