የሰዓት ድልድል በስልክና በድንገተኛ እንግዳ ሲፈርስ፦ ችግርና መፍትሔ

ምልክቱ ይህ ነው፦ ከ4 እስከ 6 ሰዓት «የደመወዝ ዝርዝር» ተብሎ የተያዘው ጊዜ በ4:10 በስልክ፣ በ4:25 በእንግዳ ይቋረጣል፣ ሥራውም ወደ ማታ ይተላለፋል።

የሥራ ባልደረቦቼን ድልድል ሳስተካክል ደጋግሜ ያገኘሁት መንስኤ የፈቃድ ማነስ ሳይሆን፣ ለባለጉዳይ የተለየ ሰዓት አለመኖሩ ነው። መቼ እንደሚያገኝዎ ያላወቀ ሰው በመጣለት ሰዓት ሁሉ ይሞክራል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ለ5 ቀናት ያቋረጣትን ሁሉ፣ ማን፣ በስንት ሰዓትና ለምን እንደመጣ እንድትመዘግብ አደረግሁ። አብዛኞቹ የመጡት ከ4 እስከ 5:30 ነበር፤ ደንበኞቿ ባንክ ጨርሰው፣ ከምሳ በፊት ጎራ የሚሉት ያን ጊዜ ነው። እሷ ደግሞ ከባዱን ሥራዋን ያስቀመጠችው እዚያው ላይ ነበር።

ስለዚህ ከባዱን ሥራ ወደ 2:30–4:00 አመጣነው። ከ4:00 እስከ 5:30 ያለውን፣ ደረሰኝ እያደራጀች ባለጉዳይ የምትቀበልበት ጊዜ አደረግነው፤ እስከ 6:30 ያለው ደግሞ ለተስተጓጎለው ሥራ ማካካሻ ሆነ። በሩ ላይ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለጠፍ ማንንም አይመልስም፤ «ከ4:00 እስከ 5:30 እቀበላለሁ» የሚለው ግን ይመልሳል። ያም ሆኖ በ3 ሰዓት የመጣ ሰው ካለ፣ ተነሥተው በሩ ላይ ይቀበሉት። «አረፍ ይበሉ» ካሉ ግማሽ ሰዓቱ ሄዷል። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ወንበር መንፈግ ነውር ነውና ያስቀምጧቸው፤ ጉዳያቸውን ጽፈው ይያዙና በ4 ሰዓት እንደሚጨርሱላቸው ይንገሯቸው። ከመነሣትዎ በፊት ያቆሙበትን ቦታ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ «ረድፍ 42፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው አልተደመረም»። ይህች አንዲት መስመር ከሌለች ሲመለሱ ከረድፍ 1 ይጀምራሉ።

በስልክ በኩል፣ Do Not Disturb ተከፍቶም ጥሪ የሚያልፍ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ የደጋሚ ደዋይ ፈቃድ ነው። በአይፎን Allow Repeated Calls ሲበራ፣ ያው ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ከደወለ ስልኩ ይጮኻል፤ በአንድሮይድ በተለምዶ 15 ደቂቃ ነው። እኛ ዘንድ ካልተነሣለት ወዲያው የማይደግም ደዋይ ስለማይገኝ፣ ይህ ፈቃድ ሁሉንም ያሳልፋል። ያጥፉት፤ ነገር ግን የቤተሰብንና የልጆችን ትምህርት ቤት ቁጥር በተፈቀዱት ውስጥ ማስገባትዎን ሳያረጋግጡ በፍጹም አያጥፉት። ለሌላው «በ9 ሰዓት እደውላለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይላኩ፤ በ9 ሰዓትም ይደውሉ። ያች ሠራተኛ ሁለት ቀን ሳትደውል ቀረች፤ በሦስተኛው ቀን ደንበኞቿ በ3 ሰዓት በሯ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ አመኔታቸውን ለመመለስም ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

የሚያቋርጠው አለቃ ከሆነ ድልድሉን አስቀድመው ያሳዩት። ሥራው ራሱ እንግዳ መቀበል ከሆነ ግን፣ ከባልደረባ ጋር ተራ ካልተቀያየሩ በቀር ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ምድብ አይያዝም።