ቀዩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ፦ የውሃን ጥንካሬ በኢዲቲኤ እንዴት እንለካለን

አክስቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ግቢዋ ካስቆፈረችው ጉድጓድ የቀዳችውን ውሃ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ላከችልኝና ደወለች። «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ሳሙና ይበላል። ባቄላውን ከጠዋት ጀምሬ ብቀቅለው እንደ ጠጠር ነው። ማንቆርቆሪያዬም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። እስኪ እየው።»

ሳይለካም ይታወቃል፤ ውሃው ጠንካራ ነው፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም በዝቶበታል። ግን ስንት? ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አንቆ የሚይዘውን ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ቀለሙ እስኪለወጥ እንጨምራለን፣ ከገባው መጠን ጥንካሬውን እናሰላለን። ለዚህ ዕቃው ቀላል ነው። ቡሬት፣ ፒፔት፣ ሁለት ሦስት ፍላስክና አራት ዓይነት የኬሚካል ዝግጅት ይበቃል። አስቸጋሪው ዓይናችን ነው። ቀለሙ ተቀየረ ብለን የምናቆምበትን ጠብታ ካልያዝን ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ አዘገጃጀቱን ቶሎ ቶሎ እነግራችሁና ቀለሙ ላይ ረጋ እላለሁ።

መጀመሪያ ናሙናው። አክስቴ የላከችው በአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ ውስጡን ሳየው ግድግዳው ነጭ ሆኗል። የቆየ ውሃ ካልሲየሙን እዚያው ላይ ይጥላል፣ ስለዚህ ያንን ብለካው ኖሮ የጀሪካኑን ታሪክ እንጂ የጉድጓዱን ውሃ አልለካም ነበር። እንደገና በንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ሁለቴ አለቅልቃ፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሞልታ እንድትልክ አደረግኩ። በደረሰበት ቀን ለካሁት።

አሁን ኬሚካሎቹ። ኢዲቲኤው ባለ ሁለት ሶዲየሙ ነጭ ዱቄት ነው። 3.72 ግራም መዝናችሁ በተጣራ ውሃ 1 ሊትር አድርሱት። በብርጭቆ ሳይሆን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ብርጭቆ ቀስ በቀስ ካልሲየም ይለቅበታል። መለኪያ የሚሆነን ደግሞ ንጹህ ደረቅ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። 1 ግራም አድርጋችሁ በትንሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ በጠብታ አሟሙት፣ ጋዙ እንዲወጣ ጥቂት ደቂቃ አፍሉት፣ ሲቀዘቅዝ የተረፈውን አሲድ በአሞኒያ አለዝቡትና 1 ሊትር ሙሉት። የዚህ 1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይይዛል።

በፈሩ ፒኤችን 10 ላይ የሚያቆመው ነው። 16.9 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ በ143 ሚሊ ሊትር ጠንካራ አሞኒያ ይሟሟል፣ 1.25 ግራም ማግኒዚየም ኢዲቲኤ ይገባበታል፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ 250 ሚሊ ሊትር ይሞላል። መስኮት ክፈቱ፣ ዓይን ያስነባል፤ የእኛ ላብራቶሪ ውስጥ በብርድ ምክንያት መስኮት ዘግቶ ይህን የሠራ ሰው ሮጦ ሲወጣ አይቻለሁ (እኔ ነኝ)። ጠርሙሱን አጥብቃችሁ ክደኑ። ክዳኑ ከላላ አሞኒያው ይተናል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ቀለሙም መንገዱን ይስታል። ከወር በላይ ባታቆዩት ይሻላል።

ቀለም ሰጪው ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ይባላል። በውሃ ከተበጠበጠ ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ ግማሽ ግራሙን ከ100 ግራም ደረቅ ጨው ጋር በሙቀጫ አድቅቁትና በደረቅ ዕቃ ያዙት። ጨው ስል ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የወጥ ቤቱን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እንዲህ ነው። 25 ሚሊ ሊትር ናሙና በፒፔት ፍላስክ ውስጥ አድርጉ፣ በተጣራ ውሃ ወደ 50 አድርሱት። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በፈር ጨምሩ። ከቀለሙ ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ቆንጥራችሁ ጣል አድርጉ። ውሃው ወዲያው ይቀላል። ከዚያ እያንቀጠቀጣችሁ ኢዲቲኤውን ከቡሬት ልቀቁ። በፈሩ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ 5 ደቂቃ ነው ያላችሁ። ፒኤች 10 ላይ ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ መዝቀጥ ይጀምራል፣ የዘቀጠው ደግሞ በቶሎ አይለካም። ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ኢዲቲኤ ከጠጣ ናሙናውን ቀንሱና እንደገና ጀምሩ።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ምን እየሆነ እንዳለ ካወቃችሁ ዓይናችሁ የሚጠብቀውን ያውቃል። ቀለም ሰጪው ብቻውን፣ ፒኤች 10 ላይ፣ ሰማያዊ ነው። ማግኒዚየም ሲይዘው ይቀላል። ኢዲቲኤ ሲመጣ መጀመሪያ ልቅ የሆነውን ካልሲየም፣ ቀጥሎ ልቅ የሆነውን ማግኒዚየም ይሰበስባል፣ በመጨረሻ ከቀለሙ ጋር የተያያዘውን ማግኒዚየም ነጥቆ ይወስዳል። ያኔ ቀለሙ ነጻ ይወጣና ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። በፈሩ ውስጥ ማግኒዚየም ኢዲቲኤ የጨመርነውም ለዚህ ነው። ካልሲየም ቀለሙን የሚይዘው በላላ እጅ ስለሆነ ማግኒዚየም በሌለበት ውሃ ለውጡ ደብዛዛ ይሆናል፣ የት እንዳለቀም አይታወቅም።

አሁን ችግሩ። እኛ «ወይን ጠጅ» የምንለው ቃል ራሱ ያሳስታል። አንዱ ለመነሻው ቀይ ይጠቀምበታል፣ ሌላው ለመሃሉ ሐምራዊ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ አቁም» ሲባል ሐምራዊውን ሲያይ ያቆም ነበር፣ ሰማያዊ ደረሰ ብሎ። ስለዚህ እኔ በዕቃ ነው የማስረዳው። መነሻው ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። መሃሉ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። መጨረሻው የሰማያዊ እስክሪብቶ ቀለም በውሃ ሲቀጥን፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ቅላት የሌለበት። ሽንኩርቱ ላይ አታቁሙ። እሱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ «ፍጥነት ቀንስ» የሚል።

ሐምራዊው ሲመጣ የቡሬቱን መፍቻ አጥብባችሁ አንድ ጠብታ ጣሉ፣ አንቀጥቅጡ፣ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ። ይህ መጠበቅ ደብረ ብርሃን ላይ የግድ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ልውውጡ ቀስ ይላል፤ በታኅሣሥ ጠዋት ላብራቶሪ ውስጥ ያደረ ናሙና ቀለሙ ዘግይቶ ይከተላችኋል፣ እናንተ ገና ቀይ ነው ብላችሁ ስትጨምሩ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ናሙናው ወደ ክፍል ሙቀት እስኪደርስ ይቀመጥ። ምድጃ ላይ አታሙቁት ግን፣ ሙቀት ቀለሙን ያበላሸዋል።

ዓይናችሁን የሚያግዘው ሁለተኛ ፍላስክ ነው። አንድ ናሙና ሆን ብላችሁ አሳልፉት። ያው የውሃ መጠን፣ ያው በፈር፣ ያው የዱቄት ቁንጥር፣ ኢዲቲኤው ግን ካለቀበት 1 ሚሊ ሊትር ያለፈ። ይህን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና የምትለኩትን ጎኑ አድርጉ። ሁለቱ አንድ ሲመስሉ ደርሳችኋል። በተጠራጠራችሁ ቁጥር የቡሬቱን ቁጥር ጻፉና አንድ ጠብታ ጨምሩ። ቀለሙ ካልተለወጠ የጻፋችሁት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ከተለወጠ ገና ነበር። ብርሃኑ ደግሞ የመስኮት ይሁን። የድሮው ቢጫ አምፖል በራሱ ቅላት ስለሚያክል ያለቀውን እንዳላለቀ ያሳያችኋል። ቀይ ቀለም ለይቶ ማየት የሚያስቸግረው ሰውም ሐምራዊውን ሰማያዊ ነው ሊል ይችላል፣ እሱ ቡሬቱን ይያዝ፣ ሌላ ሰው ይመልከት።

አንዳንዴ ምንም ብታደርጉ ጥርት ያለ ሰማያዊ አይመጣም። ሐምራዊው ሙጭጭ ካለ ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም መዳብ ቀለሙን ይዞ አልለቅም ብሎ ይሆናል። ለብረትና ለአሉሚኒየም ትራይኢታኖላሚን ቀድሞ መጨመር ይረዳል። ሰማያዊ ሆኖ ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ቀላ ካለ ካልሲየሙ ዘቅጦ ነበር፣ አሁን እየሟሟ ነው ማለት ነው። ናሙናውን የበለጠ አቅጥናችሁ፣ ፈጠን ብላችሁ ድገሙት። ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ካደላ ፒኤቹ ከልክ በላይ ሄዷል። ጥቁር መስሎ ምንም የማይታይ ከሆነ ደግሞ ዱቄቱን አብዝታችኋል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የአክስቴ ውሃ እንዴት ሆነ? በመጀመሪያ ኢዲቲኤው ራሱ ተፈተነ። ከመለኪያው 10 ሚሊ ሊትር ወስጄ 10.2 ሚሊ ሊትር ኢዲቲኤ ጠጣ። የተጣራ ውሃ ብቻ በበፈርና በዱቄት ስሞክር 0.1 ወሰደ፣ ይህ ከሁሉም ይቀነሳል። ስለዚህ 10 ሚሊ ግራም ለ10.1 ሲካፈል 1 ሚሊ ሊትር ኢዲቲኤ 0.99 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይይዛል።

ናሙናው መጀመሪያ 7.9 ሆነ። ቸኩዬ ስለነበር አላመንኩትም። ሁለተኛው 7.6፣ ሦስተኛውም 7.6። 0.1ን ስንቀንስ 7.5። ስሌቱ ይኸው፦

```
7.5 × 0.99 × 1000 ÷ 25 = 297
```

በሊትር 297 ሚሊ ግራም፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲታሰብ። በተለመደው አመዳደብ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ እዚህ ላይ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ነው። ያ የቸኮልኩበት 0.3 ወደ 12 ያህል ያስጨምር ነበር። ሽንኩርቱ ላይ የሚያቆመው ልጅ ደግሞ 7.3 ብሎ በዚያው ልክ ያሳንሰው ነበር።

ከዚያ ከዚሁ ውሃ 20 ደቂቃ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ የተነነውን በተጣራ ውሃ መልሼ ሞላሁና አጣርቼ እንደገና ለካሁ። 25ቱ 2.9 ብቻ ጠጣ፣ 0.1 ተቀንሶ 2.8፣ ስሌቱም 111 ሰጠ። የቀረው 186 ሲፈላ የሚወርደው፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ቅርፊት የሠራው ነው። ደውዬ «ባቄላውን ከመጣድሽ በፊት ውሃውን ቀድመሽ አፍይው፣ ይደር፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅጂ» አልኳት። «እንጨቱንስ ማን ይከፍላል?» አለችኝ።