ዴቨሎፐሩም ቴስተሩም አንድ ዓይነት የሚረዱት ታስክ እንዴት ይጻፋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ክሊኒክ በምንሠራው ሲስተም ላይ አጭር ታስክ ጻፍኩ። ርዕሱ «የቀጠሮ ኤስኤምኤስ» ነበር። መግለጫው ደግሞ ይህችው ናት፦ «ለታካሚዎች ከቀጠሯቸው አንድ ቀን በፊት 2 ሰዓት ላይ አጭር ማስታወሻ ይላክ።» ለእኔ ግልጽ ነበር። ለዴቨሎፐሩም ግልጽ ስለነበር 02:00 ብሎ ሞላው። መልእክቱ የወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ የክሊኒኩ ስልክ ከእንቅልፋቸው የተቀሰቀሱ ሰዎች ሲደውሉበት ዋለ።

ዴቨሎፐሩ አላጠፋም። እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ነበረው፤ እሱ አንዱን ወሰደ። ያንኑ ታስክ ዛሬ ብጽፈው እንዴት እንደምጽፈው ላሳያችሁ።

1. ርዕሱ ሥራው ሲያልቅ የሚኖረውን ነገር ይናገር

«የቀጠሮ ኤስኤምኤስ» የርዕሰ ጉዳይ ስም እንጂ ሥራ አይደለም። አዲስ ነገር ልንሠራ ነው? የተበላሸ ልንጠግን ነው? አይታወቅም። «ኤስኤምኤስ ማስተካከል» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ለማን፣ ምን፣ መቼ የሚሉትን ሦስቱን አስገቡበት፦

«ቀጠሮ ላለው ታካሚ ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለው ቀን 08:00 ላይ የማስታወሻ ኤስኤምኤስ መላክ»

ረዘም ብሏል፤ ግን ከሃምሳ ታስክ መሃል ያለ ጥያቄ ይለያል። ብልሽት ከሆነ ደግሞ የሚታየውን ችግር ራሱን ርዕስ አድርጉት፦ «ቀጠሮው የተሰረዘ ታካሚም ማስታወሻ ይደርሰዋል»። ርዕሱ ውስጥ ሁለት ግሥ በ«እና» ከተያያዘ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ታስክ ነው፤ ለያዩት።

2. መግለጫው ምክንያቱንና ድንበሩን ይያዝ

ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አሁን ያለው ሁኔታ፦ እንግዳ ተቀባይዋ በየቀኑ እየደወለች ታስታውሳለች። የሚፈለገው፦ ሲስተሙ ራሱ እንዲያስታውስ። የማይነካው፦ ታካሚው በኤስኤምኤስ መልሶ ቀጠሮ መሰረዝ የዚህ ታስክ አካል አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ካልተጻፈች አንዱ «መሰረዣውስ?» ብሎ ይጨምራታል፣ ሌላው ደግሞ የለም ብሎ ታስኩን ይመልሳል።

በምን መንገድ እንደሚሠራ ግን እዚህ አትጻፉ። ያ የዴቨሎፐሩ ውሳኔ ነው።

3. ለስላሳ ቃላትን ለቅማችሁ አውጡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የመቀበያ መስፈርት ማለት ሥራው አልቋል ለማለት መሟላት ያለበት ነገር ነው። ሊፈተን የሚችለው ሠሪውና ፈታኙ ሳይነጋገሩ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» በሚለው ላይ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡና ሰው እንደ ስሜቱ ሊመዝነው በሚችል ቃል ሥር ሁሉ አስምሩ። ፈጣን፣ አጭር፣ በአግባቡ፣ እንደ አስፈላጊነቱ፣ ወዘተ።

የኔን «አጭር» ውሰዱ። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ቁምፊ ነው፤ በላቲን ፊደል ከሚይዘው 160 ከግማሽ በታች ማለት ነው። ከ70 ካለፈ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ ሒሳቡም እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ «አጭር ይሁን» ይጠፋና «ክፍት ቦታንና ነጥቦችን ጨምሮ ከ70 ቁምፊ አይበልጥም» ይገባል። ቴስተሯ ቆጥራ ትፈርዳለች።

ሰዓት የኛ ልዩ ወጥመድ ነው። በታስክ ውስጥ ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉና አጠገቡ የሀበሻውን አድርጉ፦ 08:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት። «በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚለውንም ጨምሩ። ሰርቨሩ በUTC ከሆነ 08:00 ያለው እዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው።

«በላይ»፣ «እስከ» እና «በፊት»ም እንዲሁ ያታልላሉ። «ከአንድ ቀን በፊት» ከ24 ሰዓት በፊት ነው ወይስ በዋዜማው? ለሐሙስ 16:00 ቀጠሮ አንዱ ረቡዕ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ይልካል፣ ሌላው ረቡዕ ጠዋት።

አማርኛ አድራጊውን መደበቅ ይመቸዋል። «ይላክ»፣ «ይደረግ» ስንል ማን እንደሚልክ አይታይም። «ሲስተሙ ይልካል»፣ «እንግዳ ተቀባይዋ ቁልፉን ትጫናለች» በሉ።

4. እያንዳንዱን መስፈርት ከምሳሌ ጋር ጻፉ

ቅርጹ ቀላል ነው፦ ይህ ሁኔታ እያለ፣ ይህ ሲሆን፣ ይህ ይታያል። እውነተኛ ቀንና ቁጥር አስገቡ። የኔ ታስክ እንዲህ ይሆናል፦

1. ታካሚው ለሐሙስ 10:00 ቀጠሮ ካለው፣ ሲስተሙ ረቡዕ ከ08:00 እስከ 08:05 ባለው ጊዜ አንድ መልእክት ብቻ ይልካል።
2. ለሐሙስ የሚሆነው ቀጠሮ የተያዘው ረቡዕ ከ08:00 በኋላ ከሆነ፣ መልእክቱ ቀጠሮው በተያዘ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይላካል። ቀጠሮው ለዚያው ዕለት ከተያዘ አይላክም።
3. ቀጠሮው ማስታወሻው ሳይላክ ከተሰረዘ ምንም መልእክት አይላክም።
4. ስልኩ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ ካልሆነ፣ ሲስተሙ አይልክም፤ ታካሚው በእንግዳ ተቀባይዋ ገጽ ላይ «ስልክ ይስተካከል» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይታያል።
5. በመልእክቱ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ሲስተሙ ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ 10:00 ተብሎ ለተመዘገበ ቀጠሮ መልእክቱ «ነገ ጳጉሜ 6 ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት።» ይላል።

አምስተኛውን ልብ በሉ። «ቀኑ በትክክል ይታይ» ብል ኖሮ ቴስተሯ አንድ የጥቅምት ቀን ሞክራ ታሳልፈው ነበር። ጳጉሜ 6 የሚኖራት በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ የቀን መቀየሪያ ኮድ ከሚሳሳትባቸው ቦታዎች አንዱም እዚያ ነው። ምሳሌው ራሱ አስቸጋሪውን ቀን ይዞላት መጣ። መልእክቱንም ቆጥሬዋለሁ፤ 32 ቁምፊ ነው። ለክሊኒኩ ስም 38 ይተርፋል።

መስፈርቶቹ ከስምንት ዘጠኝ ካለፉ እኔ ታስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

5. ኮድ ሳይጻፍ ለቴስተሯ አንብቡላት

አሥር ደቂቃ ይበቃል። በእያንዳንዱ መስፈርት ላይ «ምን ታደርጊያለሽ? ምን ስታይ አለፈ ትያለሽ?» በሏት። ከተጠራጠረች ወይም መልሳ ከጠየቀች መስፈርቱ ገና ነው። መልሱን በቃል ብቻ አትንገሯት፤ ታስኩ ላይ ጻፉት። በቡና ሰዓት የተባለ ነገር ያን ጊዜ እዚያ ያልነበረው ዴቨሎፐር ጋር አይደርስም።

እኔ በዚህ ንባብ ላይ ነው አንድ ትልቅ ስህተት የያዝኩት። መጀመሪያ «መልእክቱ ለታካሚው ይደርሳል» ብዬ ነበር። ቴስተሯ «ስልኩ ከተዘጋስ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ስልኩ መዘጋቱም ሆነ ኔትወርክ መጥፋቱ በእኛ እጅ አይደለም፤ ያለ ጥፋታችን የሚወድቅ መስፈርት ጽፌ ነበር። አሁን «ሲስተሙ መልእክቱን ለቴሌኮሙ ያስረክባል፤ የተመለሰለትን ምላሽ ከነሰዓቱ በቀጠሮው መዝገብ ላይ ያሰፍራል» ይላል። ይህን ቴስተሯ መዝገቡን ከፍታ ታየዋለች።