3½ × 2¼ ለምን 6⅛ አይሆንም? ድብልቅ ቁጥርን መቀየርና ማባዛት

የእህቴ ኩሽና ወለል ርዝመቱ 3½ ሜትር፣ ወርዱ 2¼ ሜትር ነው። ሴራሚክ እንድገዛላት ልካኝ ሱቁ በር ላይ ቆሜ በደረሰኝ ጀርባ አሰላሁት። ሦስት በሁለት ስድስት። ግማሽ በሩብ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ 6⅛ ካሬ። አንዱ ካርቶን 1½ ካሬ ይሸፍናል አሉኝ። ለሚቆረጠውም ለሚሰበረውም ይተርፋል ብዬ አምስት ካርቶን አስጫንኩ።

በማግስቱ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ ደወለ።

"ጋሼ፣ አልበቃም። በፍሪጁ በኩል ባዶ ቀርቷል።"

"ብዙ ተሰበረ እንዴ?"

"ኧረ ምንም አልተሰበረ። ወለሉ ራሱ ወደ ስምንት ካሬ ነው እኮ።"

ልክ ነበር። ሜትሩን ሳይሆን ማባዛቱን ነው የሳትኩት። ይህንኑ ስህተት የልጆች ደብተር ላይም ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ወለል ሳንወጣ እንየው።

የጠፋው መደመር

ገበያ ላይ "ሁለት ኪሎ ከሩብ" እንላለን። "ከ" የምትለዋ ፊደል መደመርን በግልጽ ትናገራለች፤ ሁለት ኪሎ፣ በላዩ ላይ ሩብ። ወረቀት ላይ ግን 2¼ ብለን ስንጽፍ ያቺ "ከ" ትጠፋለች። ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ አንድ ነገር ይመስላሉ። በእርግጥ 2¼ ማለት 2 + ¼ ነው። (ልጆች ሰባተኛ ክፍል ገደማ 3x ሲያዩ ደግሞ ተጠግቶ መጻፍ ማባዛት ሆኖ ያገኙታል። ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።)

አሁን ወደ ወለሉ እንመለስ። ጠመኔ ይዘን በርዝመቱ 3 ሜትር ላይ፣ በወርዱም 2 ሜትር ላይ መስመር ብንስል ወለሉ አራት ቦታ ይከፈላል።

ትልቁ ክፍል 3 በ2 ነው፤ 6 ካሬ። ከጎኑ 3 በ¼ የሆነ ቀጭን ክፍል አለ፤ እሱ ¾ ካሬ ነው። በሌላው ጫፍ ½ በ2 አለ፤ እሱ 1 ካሬ ነው። ጥጉ ላይ ½ በ¼ የሆነች ትንሽ ቁራጭ ትቀራለች፤ ⅛ ካሬ።

6 + ¾ + 1 + ⅛ = 7⅞

እኔ ያሰላሁት ትልቁን ክፍልና የጥጓን ቁራጭ ብቻ ነበር። ሁለቱን ረጃጅም ክፍሎች ረስቻቸዋለሁ። እነሱ ደግሞ ተደምረው 1¾ ካሬ ናቸው፤ ከአንድ ካርቶን በላይ ማለት ነው። ሙሉውን በሙሉ፣ ክፍልፋዩን በክፍልፋይ አባዝቶ ማጣመር ሁልጊዜ የሚያንስ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

በየጊዜው ወለሉን አራት ቦታ እየከፈሉ መደመር ይቻላል፤ ግን ያደክማል። የሚሻለው ድብልቁን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ኢ-ህገኛ ክፍልፋይ መቀየር ነው። ኢ-ህገኛ የሚባለው ላዕሉ ከታህቱ የማያንስ ነው፤ እንደ 7/2 ያለ። ስሙ ቢያስፈራም ለማባዛት እንደ እሱ የሚመች የለም።

1. ድብልቁን ወደ ኢ-ህገኛ ክፍልፋይ መቀየር

3½ን እንውሰድ። ጥያቄው "በውስጡ ስንት ግማሽ አለ?" የሚል ነው። ሦስት ሙሉ እንጀራ ከመሃል ቢቆረጥ ስድስት ግማሽ ይወጣዋል። ቀድሞ የነበረውን አንድ ግማሽ ስንጨምርበት ሰባት ግማሽ ይሆናል፤ 7/2።

በአሠራር ሲጻፍ ሙሉውን ቁጥር በታህቱ አባዛ፣ ላዕሉን ደምር፣ ታህቱን እንዳለ ተወው ነው፦

3½ = (3 × 2 + 1)/2 = 7/2

2¼ = (2 × 4 + 1)/4 = 9/4

እዚህ ላይ የሚደጋገሙት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቦታ መቀያየር ነው። ሙሉውን በታህቱ በማባዛት ፈንታ በላዕሉ ያባዙና ታህቱን ይደምሩበታል። 3½ ያኔ 3 × 1 + 2፣ ማለትም 5/2 ይሆናል። አምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ሁለተኛው ስህተት ታህቱን አብሮ መቀየር ነው። ታህቱ የቁራጩን መጠን የሚናገር ስለሆነ አይነካም። ግማሾችን ስንቆጥር ነበር፤ አሁንም የምንቆጥረው ግማሾችን ነው።

ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ከመጣ የመቀነስ ምልክቱን ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጡት። −2⅓ ሲቀየር −7/3 ነው። ምልክቱን ይዘው −2 × 3 + 1 ያሉ ሰዎች −5/3 ላይ ያርፋሉ። ምልክቱ የ2 ብቻ ሳይሆን የ2⅓ በሙሉ ስለሆነ ለመጨረሻ ይቆይ።

2. ማባዛት

ከዚህ በኋላ ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ነው፦

7/2 × 9/4 = 63/8

የጋራ ታህት መፈለግ አያስፈልግም፤ እሱ የመደመርና የመቀነስ ሥራ ነው። ሁለተኛውን መገልበጥም የለም፤ እሱ የማካፈል ሥራ ነው። ሦስቱን በአንድ ሳምንት የተማረ ልጅ ሕጎቹን ቢያደባልቅ አይገርምም። እኔ ልጆች ሳስጠና መጀመሪያ ምልክቱን በእስክሪቢቶ አስከብባለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን የሚነኩት።

ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ከማባዛታችን በፊት ማቃለሉ ያዋጣል። 2⅔ × 1⅛ን እንሞክር። ተቀይሮ 8/3 × 9/8 ይሆናል። ላይ ያለው 8 እና ታች ያለው 8 እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። 9 እና 3 ደግሞ ለ3 ይካፈላሉ፤ 9 ወደ 3፣ 3 ወደ 1። መልሱ 3 ብቻ ነው። ሳያቃልሉ ቢሄዱም 72/24 ሆኖ ያው 3 ይመጣል።

አሁን ተንኮለኛውን ስህተት እዩ። አንድ ተማሪ ሳይቀይር ማቃለል ጀመረ እንበል። ከ⅔ ላይ ያለውን 2 እና ከ⅛ ታች ያለውን 8 ለ2 አካፈላቸው። 2⅔ የነበረው 2⅓፣ 1⅛ የነበረው 1¼ ሆነ። ከዚያ በትክክል አባዝቶ 35/12፣ ማለትም 2 ሙሉና 11/12 አገኘ። ትክክለኛው 3 ነው። ልዩነቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ስለሆነ በግምት አይያዝም። ነገሩ የተበላሸው ያ 2 እውነተኛው ላዕል ስላልነበረ ነው። እውነተኛው ላዕል ሙሉዎቹንም የያዘው 8 ነው፤ እሱ ደግሞ የሚታየው ከተቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ መጀመሪያ መቀየር፣ ቀጥሎ ማቃለል።

አንደኛው ቁጥር ሙሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ 4 × 2⅗ ከሆነ፣ 4ን 4/1 ብላችሁ ጻፉት። 4/1 × 13/5 = 52/5 ይሆናል። ይህን ያልጻፈ ሰው ወይ 4ን በ2 ብቻ አባዝቶ 8⅗ ይላል፣ ወይ ደግሞ 4ን ከላይም ከታችም ያባዛዋል። ከላይም ከታችም በ4 የተባዛ ክፍልፋይ ዋጋው አይለወጥም፤ ⅗ 12/20 ቢሆን ያው ⅗ ነው። ከ4 በታች ያለችው 1 ቦታውን ትጠብቅላችኋለች።

3. ወደ ድብልቅ መመለስ

63/8 ካሬ ሴራሚክ ስጠኝ ብትሉት ባለ ሱቁ ያያችኋል እንጂ አይሰጣችሁም። ስለዚህ 63ን ለ8 እናካፍል። 7 ጊዜ ይደርሳል፤ ሰባት ስምንት 56። ቀሪው 7 ነው። ድርሻው ሙሉ ቁጥር፣ ቀሪው ላዕል ይሆናል። ታህቱ አሁንም 8 ነው፦ 7⅞። በጠመኔ ከፋፍለን ከደመርነው ጋር አንድ ሆነ።

እዚህ የሚሳሳቱት ቀሪውን ታች በማስቀመጥ ነው። ሌላው ደግሞ ማካፈሉን ቀድሞ ማቆም ነው፤ 6 ሙሉና 15/8 የሚል መልስ ካያችሁ ውስጡ ገና አንድ ሙሉ አለ። ቀሪው ሁልጊዜ ከታህቱ ማነስ አለበት።

በግምት መያዝ

ከማስላታችሁ በፊት አንዱን ቁጥር ብቻ ወደ ታች አጠጋጉ። 3½ን በ2 ባባዛ 7 ነው። እውነተኛው ወርድ ከ2 ስለሚበልጥ መልሱ ከ7 መብለጥ አለበት። ያን ቀን ይህችን ብቻ አስቤ ቢሆን 6⅛ን ደረሰኙ ላይ ሳልጽፍ አጠፋው ነበር። ላይኛውን ድንበርም በዚሁ መንገድ ታገኙታላችሁ፤ 4 በ2¼ 9 ነው። ስለዚህ መልሱ ከ7 በላይ፣ ከ9 በታች ነው።

ስንት ካርቶን?

የሴራሚክ ሠራተኞች ለመቆረጫ አሥር በመቶ ያህል ጨምሩ ይላሉ። አሥር በመቶ መጨመር በ1⅒ ማባዛት ነው፤ በ11/10።

63/8 × 11/10 = 693/80

እዚህ 8 እና 10ን ለ2 ማካፈል ያምራል። አታድርጉት፤ ሁለቱም ታች ናቸው። ማቃለል ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ይዞ ነው። ያን ያደረገ ሰው 693/20፣ ማለትም ወደ 35 ካሬ ይመጣበታል። ለአንዲት ኩሽና! 693ን ለ80 ስናካፍል 8 ደርሶ 53 ይቀራል። 8 ሙሉና 53/80 ካሬ፣ ከስምንት ተኩል ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው።

አምስት ካርቶን 5/1 × 3/2 = 15/2፣ ማለትም 7½ ካሬ ነው። ምንም ሳይቆረጥ እንኳ ለ7⅞ ካሬ አይበቃም። ስድስቱ 18/2፣ ማለትም 9 ካሬ ይሸፍናል፤ ይበቃል። ስድስተኛውን ለመግዛት ስመለስ ያው ሴራሚክ አልቆ አዲስ ገብቷል፤ ቁጥሩ አንድ፣ ከለሩ ትንሽ ደመቅ ያለ። እህቴ ፍሪጁን እሱ ላይ አስቁማዋለች።